ትናንት ድኖ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ተነሳበት

አክስቴ የደወለችልኝ አርብ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። «ልጄ፣ ወንድምህ ግራ አጋባኝ። ትናንት ድኖ ነበር። እንጀራም በልቷል። ዛሬ ደግሞ ተነሳበት» አለችኝ።

እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ ሳጎነብስ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። «ድኖ ነበር፣ ደግሞ ተነሳበት» የሚለውን ቃል ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ሰሞኑን የት ነበር?»

«መተማ ነዋ! ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዶ አልነበር?»

«ክሊኒክ ስትሄዱ ይህን ነግራችኋል?»

ዝም አለች። ከዚያ «ማንም አልጠየቀን» አለች።

ቀጥሎ የሆነውን ሁሉ የምጽፈው በልጁ ፈቃድ ነው። ስሙን ትቼዋለሁ። 24 ዓመቱ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ደብረ ታቦር አካባቢ፣ ደጋ ላይ ነው። ያን ዓመት መስከረም ላይ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ወደ መተማ ቆላ ወረደ። ወደ ስድስት ሳምንት ቆየ። ሌሊት የሚያድሩት ማሳው ዳር በተጣለ ዳስ ውስጥ ነው። ፀሐዩ ስለሚያቃጥል አጨዳው ገና ሳይነጋ ይጀመራል። አጎበር ይዞ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «አንድ ነበረን፣ ለአራት» አለኝ። የወባ ትንኝ የምትናከሰው በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ልጁ ደግሞ ያንን ሰዓት ሁሉ ደጅ ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ በሰላም ተመለሰ። ገንዘብም ይዞ መጣ፤ ለእናቱ ነጠላ ገዛ። በገባ በስድስተኛው ቀን፣ ሰኞ ከሰዓት፣ ራሱን አመመው። ቀጥሎ ብርድ ብርድ አለው። ጋቢ ደረበ፤ ሌላ ጋቢ ተጨመረለት፤ አልሞቀውም። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ አልጋው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ከቆየ በኋላ ብርዱ ለቀቀውና ሰውነቱ እንደ ምጣድ ጋለ። የደረበውን ሁሉ ጣለ። ሌሊት ላይ ላብ አጠመቀው። አንሶላው ሲጨመቅ ውኃ ይወጣው ነበር ትላለች አክስቴ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደው።

ማክሰኞ ጠዋት ሲነሳ ድካም አለበት እንጂ ደህና ነው። አክስቴ «ምች ነው የመታው» አለች። ዳማከሴ አሽታ አሸተተችው፣ ሰውነቱንም ቀባችው። ደህና ስለሆነ ዳማከሴው ያዳነው መሰላት። አልፈርድባትም። ማንም እናት እንዲህ ነው የምታስበው። ነገር ግን ልጁን ያሻለው ዳማከሴው አልነበረም። በሽታው ራሱ እያሰለሰ የሚመጣ ዓይነት ነው።

ይህን ትንሽ ላብራራው። የወባ ተህዋሲ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ የሚኖረው በቀይ የደም ሴል ውስጥ ነው። እዚያ ይበላል፣ ያድጋል፣ ይባዛል። ወደ 48 ሰዓት ሲሆነው ሴሉን ፈንድቶ ይወጣና አዲስ ሴል ውስጥ ይገባል። ብርድ ብርድ የሚለን፣ ትኩሳቱም የሚነሳው ብዙ ሴሎች አንድ ላይ ሲፈነዱ ነው። ከዚያ ተህዋሲው አዲሱ ሴል ውስጥ ተደብቆ ያድጋል፤ ሰውየውም «ሻለኝ» ይላል። ስለዚህ በሁለት ትኩሳት መካከል ያለው ደህና ቀን የማገገሚያ ቀን አይደለም። ተህዋሲው ለቀጣዩ ፍንዳታ የሚዘጋጅበት ቀን ነው። ይህ ልማድ ግን ሁልጊዜ በሰዓት አይመጣም። በተለይ ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት ትኩሳቱን ያዘበራርቃል፤ በየቀኑ ሊያተኩስም ይችላል። «ቀን እየዘለለ አይደለም፣ ስለዚህ ወባ አይደለም» ማለት አይቻልም።

ረቡዕ ትኩሳቱ ተመለሰ። አሁን ክሊኒክ ሄዱ። ደም ተወሰደ። ውጤቱም «ታይፎይድ ነው» ተባለ። ሲፕሮና ፓራሲታሞል ተሰጠው። ይህን አገር ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ትኩሳት ይዞ የሄደ ሰው «ታይፎይድ» ወይም «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ ያልተመለሰ ጥቂት ነው። ምርመራው በብዛት ዊዳል የሚባለው ነው። ዊዳል የሚያየው ተህዋሲውን አይደለም። ሰውነታችን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚያየው። ያ ደግሞ ካለፈ በሽታ ወይም ከሌላ ተመሳሳይ ተህዋሲ ቀርቶ ሊታይ ይችላል። እንደኛ ባለ አገር አንድ ጊዜ የተሠራ ዊዳል ብቻውን ትልቅ ነገር አይናገርም። ወባ የያዘው ሰው ላይም ዊዳል «ፖዘቲቭ» ሲል ደጋግሜ አይቻለሁ። ክሊኒኩ በዊዳል መሳሳቱን መረዳት ይቻላል። የሚያስቆጨኝ «ሰሞኑን ቆላ ወርደህ ነበር?» የሚል ጥያቄ አለመጠየቁ ነው። ከተማው ደጋ ስለሆነ ወባ የሚባል ነገር ሐሳባቸው ውስጥ አልመጣም። ወባው ግን የደጋ አልነበረም። ልጁ ደሙ ውስጥ ይዞት የመጣ ነው።

ሐሙስ ፓራሲታሞሉ ትኩሳቱን አወረደለት። እንጀራ የበላው ያን ቀን ነው። አርብ ግን ነገሩ ተለወጠ። የዋጠውን ሁሉ አስመለሰ። ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ። አክስቴ ስትደውል «ሽንት ቤት ሲሄድ ደግፌ ነው የማቆመው» አለችኝ። ይህች ዓረፍተ ነገር ናት ያስደነገጠችኝ። ወጣት፣ ጉልበተኛ ሰው ብቻውን መቆም ካቃተው በወባ ሕክምና ይህ የከባድ ወባ ምልክት ነው። የሚዋጥ መድኃኒት መያዝ አለመቻሉም እንዲሁ።

«ነገ ጠዋት እንወስደዋለን» አለች። «አይሆንም፣ አሁኑኑ» አልኳት። «እዚያም ስትደርሱ ከሁሉ በፊት ‹ከመተማ ከተመለሰ ሁለት ሳምንት አልሞላውም፤ የወባ ምርመራ ይሠራልን› በሉ።»

ለምን አሁኑኑ? አንድ ቀላል ስሌት ላሳያችሁ። ፋልሲፓረም በየ48 ሰዓቱ እስከ አሥር እጥፍ ሊባዛ ይችላል። ሰኞ ለእያንዳንዱ 1,000 ተህዋሲ ረቡዕ 10,000፣ አርብ ደግሞ 100,000 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሰውነት ጥቂቱን ይገድላል፤ ሁሌም እንዲህ ሙሉ በሙሉ አይባዛም። ነገር ግን የደጋ ልጅ ከዚህ በፊት ወባ ስለማያውቀው መከላከያው ደካማ ነው። ቆላ ያደገ አዋቂ ሰው ችሎ የሚያልፈው ወባ ደገኛውን ይጥለዋል። በፈረንጆቹ 1958 ዓ.ም በደጋማውና በወይና ደጋው አካባቢ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ያለቁት በአብዛኛው ወባ ያልለመዱ ሰዎች ነበሩ። ሌላም ነገር አለ። ፋልሲፓረም የያዛቸው ሴሎች በቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ። አንጎል ውስጥ ከሆነ ራስን ያስታል፤ ኩላሊት ላይ ከሆነ ሽንት ያቆማል። ሰኞ በኪኒን የሚድነው ሰው አርብ በመርፌ ይታከማል። እሑድ ላይ ደግሞ መርፌውም ላይደርስለት ይችላል።

ሆስፒታል የደረሱት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ተረኛዋ ነርስ «መተማ» የሚለውን ቃል እንደሰማች ጣቱን ወጋችው። በፈጣን መመርመሪያው ላይ አንድ ጠብታ ደም፣ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ፣ ከዚያ 15 ወይም 20 ደቂቃ መጠበቅ ነው። የፋልሲፓረም መስመር ቁልጭ ብሎ ወጣ። ጎን ለጎን ደሙ መስታወት ላይ ተቀብቶ በጂምሳ ተቀለመ። በማይክሮስኮፕ የታየው «ፋልሲፓረም፣ ሦስት ፕላስ» ነው። ሦስት ፕላስ ማለት ሌንሱ ባረፈበት በእያንዳንዱ እይታ ከአንድ እስከ አሥር ተህዋሲ ይታያል ማለት ነው። ብዙ ነው።

ክብደቱ 56 ኪሎ ነው። አርቴሱኔት የሚባለው መርፌ በኪሎ 2.4 ሚሊግራም ስለሚሰጥ ለሱ 134 ሚሊግራም ያህል ሆነ። በደም ሥር ገብቶ ከ12 ሰዓት በኋላ ተደገመ፣ በ24ኛው ሰዓት ሠለሰ። የደሙ ስኳርም ዝቅ ብሎ ስለተገኘ ግሉኮስ ተሰጠው። ከባድ ወባ ስኳርን ያወርዳል፤ ራሱን የሳተ የወባ ሕመምተኛ ስኳሩ ካልታየ ትልቅ ስሕተት ነው። እሑድ ጠዋት ልጁ ተነስቶ አጥሚት ጠጣ። ከዚያ ሙሉ የሦስት ቀን ኮአርተም ጀመረ፤ አራት አራት ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ። ኮአርተም ከወተት ወይም ቅባት ካለበት ምግብ ጋር ካልተዋጠ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። ጾመኛ ሰው ቢያንስ ዘይት ያለበት ወጥ ይብላበት። ረቡዕ ደህና ሆኖ ቤቱ ገባ።

ይህ ታሪክ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ጥር አጋማሽ ላይ ልጁ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ መጣና እኔ ጋ አረፈ። ከሆስፒታል ከወጣ ሁለት ወር አልፎታል። ወደ ቆላ አልተመለሰም። አንድ ምሽት እራት ላይ እያለን ትከሻውን ሰብሰብ አደረገ። «ጋሼ፣ የአዲስ አበባ ብርድ ከባድ ነው» አለኝ። ጣቶቹን አየኋቸው፤ ጥፍሮቹ ሰማያዊ ሆነዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደ ኅዳሩ ያንቀጠቅጠው ጀመር።

«መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?» አለኝ። ዓይኑ ላይ ፍርሃት ነበር። ልክ ነው የፈራው። አክስቴም ስትሰማ «ያ መርፌ የውሸት ነው» አለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ከፋርማሲ የቻለውን ኪኒን ገዝቶ ይውጣል። ወይም ከባለፈው የተረፈ ካለው እሱኑ ይውጣል። ይህን አታድርጉ። ሁለት ሦስት ፍሬ ወባውን አይገድለውም። ግን በማይክሮስኮፕ እንዳይታይ ሊያሳንሰው ይችላል። ከዚያ «ነጻ ነህ» ትባላላችሁ፤ በሽታው ግን ውስጣችሁ ነው።

ያን ምሽት ወደ ማታ ተረኞች ወሰድኩት። «ትኩሳቱ ሲነሳ ነው መመርመር ያለበት» የሚል አባባል አለ፤ ትክክል አይደለም። ደም በማንኛውም ሰዓት ሊወሰድ ይችላል። ብርድ ብርድ እስኪላችሁ ቤት ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። እኔ ያን ምሽት ደሙን በሁለት መልክ ቀባሁት። አንዱ ወፍራም ቅብ ነው፤ ተህዋሲ መኖር አለመኖሩን የምንፈልግበት። ሌላው ስስ ቅብ ነው፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ የምንለይበት። ማድረቁ፣ መቀለሙ፣ ማንበቡ ተደምሮ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ሌንሱ ውስጥ ያየሁት የኅዳሩ አልነበረም። ፋልሲፓረም በብዛት የሚታየው እንደ ቀጭን ቀለበት ሆኖ ነው፤ ሴሉም አያብጥም። እዚህ ግን ሴሎቹ ከጎረቤቶቻቸው ተልቀዋል። በውስጣቸው ቀያይ ነጠብጣብ ተበትኗል። ተህዋሲው ቅርጽ የለሽ፣ የተበጫጨቀ ጨርቅ ይመስላል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ነው። ፈጣን መመርመሪያውም የቫይቫክሱን መስመር ብቻ አወጣ።

ታዲያ አዲስ አበባ ውስጥ ከየት መጣ? ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ማንም ትንኝ ወባ አላስያዘውም። መልሱ ጉበቱ ውስጥ ነው። መተማ ሳለ ሁለቱም ዓይነት ወባ ገብተውበታል። ቫይቫክስ ሲገባ ከፊሉ ጉበት ውስጥ እንቅልፍ ይተኛል። ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይተኛና ይነቃል። አርቴሱኔትና ኮአርተም የሚገድሉት ደም ውስጥ ያለውን ነው። የተኛውን አይነኩትም። ስለዚህ የኅዳሩ መድኃኒት ሥራውን ሠርቷል፤ ፋልሲፓረሙን ገድሎታል። ይህኛው ሌላ ወባ ነው፣ ከአንድ ማሳ የመጣ። አክስቴ መርፌውን በከንቱ ነው የወቀሰችው።

ምርመራው ባይሠራ ኖሮ ይህን ማንም በግምት አያውቀውም ነበር። ሕክምናው ደግሞ ይለያል። ለቫይቫክስ ክሎሮኪን ተሰጠው፤ አራት፣ አራት፣ ሁለት ፍሬ በሦስት ቀን። ያው ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም ቢሰጥ ኖሮ ልጁን ለሞት ሊዳርገው ይችል ነበር፤ ፋልሲፓረም እሱን ከለመደው ቆይቷል። በጉበት ለተኛው ደግሞ ፕሪማኩዊን ታዘዘለት፣ በቀን 15 ሚሊግራም፣ ለ14 ቀን፣ ከምግብ በኋላ። ይህ መድኃኒት ለሁሉም አይሰጥም። ነፍሰ ጡር አትወስደውም፤ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃንም እንዲሁ። ጂ ሲክስ ፒ ዲ የሚባል ኤንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች ደግሞ ቀይ የደም ሴላቸው ሊፈርስ ይችላል። የሚታወቀው ሽንት እንደ ቡና ሲጠቁር፣ ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ትንፋሽ ሲያጥር ነው። እንዲህ ከሆነ ወዲያው አቁሞ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። የልጁ ኤንዛይም ተመርምሮ ደህና ሆኖ ተገኘ። እኔም በየቀኑ ሽንቱን እጠይቀው ነበር። ያፍር ነበር፤ ግን ይነግረኛል።

ከባዱ ነገር 14ቱን ቀን መጨረስ ነው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ። በስድስተኛው ቀን «ጋሼ፣ ድኛለሁ፣ ለምን እውጣለሁ?» አለ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ምንም የማይሰማውን በሽታ ለመግደል ሰው ለስምንት ቀን መድኃኒት መዋጥ አለበት። ደግሞ ሆዱን ያመዋል። በማቀዝቀዣው በር ላይ የቀን መቁጠሪያ ለጠፍኩ። ማታ ማታ እራት እንደበላ ይውጥና ራሱ ምልክት ያደርጋል። አሥራ አራተኛዋ ላይ ሲደርስ ለእናቱ ደወለላት።

ስለ ምርመራው ወሰን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፈጣን መመርመሪያ «የለም» ቢልም ወባ ሊኖር ይችላል። አብዛኞቹ መመርመሪያዎች ፋልሲፓረምን የሚያውቁት በአንድ ፕሮቲን ነው። በአገራችን በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ ይህን ፕሮቲን የማይሠራ ፋልሲፓረም ተገኝቷል። በማይክሮስኮፕም ቢሆን ተህዋሲው ገና ጥቂት ከሆነ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ከቆላ የመጣ ሰው የመጀመሪያ ውጤቱ «ነጻ» ቢሆንና ትኩሳቱ ቢቀጥል፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደገና ይመርመር። ሦስት ጊዜ ድረስ ይደገም። በተቃራኒው ደግሞ ያ ፕሮቲን ወባው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል። ከታከማችሁ በሦስተኛው ሳምንት መመርመሪያው «አለ» ቢል የግድ አልዳናችሁም ማለት አይደለም፤ ማይክሮስኮፑ ይወስን። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ወባም ደጋግሞ ከታጣ፣ በግራ ጎድን ሥር ጣፊያ ካበጠ ደግሞ ካላዛር መታሰብ አለበት። በመተማና በሑመራ ለቀን ሠራተኛ ይህ እንግዳ በሽታ አይደለም።

ልጁ ዘንድሮም መተማ ወረደ። ሥራ ነው፣ ምን ይደረግ። ከመሄዱ በፊት ሁለት አጎበር ገዝቶ አሳየኝ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ደግሞ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ከተመለስኩ በኋላ ትኩሳት ቢይዘኝ ‹መተማ ነበርኩ› የምለው እስከ ስንት ጊዜ ነው?»

«ዓመት ሙሉ» አልኩት። «ሳይጠይቁህ ንገራቸው። ‹ከዚህ በፊት ቫይቫክስም ይዞኝ ነበር› በል። የሄድከውም በመጀመሪያው ቀን ይሁን።»